ከ14 ገጽ የሽያጭ ጥሪ ውስጥ የቱ ይቀራል?

ጥያቄ፦ «የምሠራው የቢዝነስ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ከአዲስ ደንበኛ ጋር የመጀመሪያውን የመተዋወቂያ ጥሪ ሳደርግ አስፈቅጄ እቀዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል። የ42 ደቂቃ ጥሪ 14 ገጽ ይሆናል። አለቃዬ ‹በአንድ ገጽ አድርገህ አምጣ፤ የሚፈልጉትን፣ የሚያንገራግራቸውን፣ በጀታቸውንና የተስማማችሁበትን ብቻ› ይለኛል። ሳሳጥረው ሁሉም ነገር አስፈላጊ ይመስለኛል። በጀቱን ደግሞ ማንም በግልጽ አይናገርም። ባለፈው ወር ‹ተስማምተናል› ብዬ የጻፍኩት ደንበኛ እስካሁን ስልክ አያነሳም። የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው?»

መልስ፦ ማሳጠር የሚለውን ቃል እርሳው። 14ቱን ገጽ ወደ 7፣ 7ቱን ወደ 3 እያልክ ብትጨምቀው መጨረሻ ላይ የሚቀርህ አጭር የጥሪ ታሪክ ነው። እኔ እንዲህ አልኩ፣ እነሱ እንዲህ አሉ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ አወራን። አለቃህ የፈለገው አራት ነገር ነው። ስለዚህ አራት ጥያቄ ይዘህ ጽሑፉ ውስጥ ትገባለህ፣ መልሳቸውን ይዘህ ትወጣለህ። ሌላው እዚያው ይቀራል። ቅጂው እጅህ ላይ ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሁሉም ነገር አስፈላጊ የሚመስልህ አንተም ውስጡ ስላለህ ነው። ከ14ቱ ገጽ ብዙው የራስህ ንግግር ነው፤ የራስን ንግግር መሰረዝ ደግሞ ይከብዳል። አንተ ስለ ሲስተሙ ያብራራኸውን ግን አለቃህ ከአንተ በላይ ያውቀዋል። መጀመሪያ የራስህን መስመሮች በሙሉ በግራጫ ቀለም አድርጋቸው። አታጥፋቸው፤ ገዢው «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ጥያቄህ ከሌለ መልሱ ትርጉም አይኖረውም። ከዚያ ውጭ ግራጫውን አታንብበው።

በአንድ ጥሪ ላሳይህ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ያደረገው ነው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። ደንበኛው መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ዋናው መጋዘን አዲስ አበባ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ሐዋሳና ድሬዳዋ። መስመሩ ላይ የነበሩት የመጋዘን ኃላፊውና የፋይናንስ ኃላፊዋ ናቸው። ወሩ ግንቦት ነበር። የምንሸጠው የዕቃ ቁጥጥር ሶፍትዌር ነው።

ከመጀመርህ በፊት ጽሑፉን አትመነው። ማንም ይገልብጠው ማን፣ የአማርኛ ጥሪ ወደ ጽሑፍ ሲመጣ አንዳንድ ቦታ ይወልቃል፤ ቦታዎቹ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። «አለ» የሚለውን ተመልከት። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ንግግር «ሥራ አስኪያጁ የሐምሌው በጀት አለ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ልጁ «በጀት አላቸው» ብሎ ተረዳው። ድምፁን ስንሰማው ሴትየዋ ያለችው ሥራ አስኪያጁ «የሐምሌው በጀት» ብሎ እንደመለሰላት ነው፤ ማለትም አሁን አይደለም፣ ጠብቁ። «ይሰጣል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሰጪው ሌላ ሰው ይሁን ነገሩ የሚሰጥ ይሁን ፊደሉ አይለይም። አፍራሽ ቃልም ይጠፋል። «አያስቸግርም» በፍጥነት ሲነገር «ያስቸግራል» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

ስለዚህ ሙሉ ቅጂውን እንደገና አትስማ። የምትሰማው አራት ቦታ ብቻ ነው፤ ቁጥር የተጠራበት፣ ቀንና ሰዓት የተነሳበት፣ ውሳኔ ያለበት አፍራሽ ቃል፣ እና ወሳኝ ቦታ ላይ የተባለ «እሺ»። ሁሉም ተደምሮ አስር ደቂቃ አይሞላም። «እሳቸው» የተባለበትንም ሁሉ በማዕረግ ተካው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ «እሳቸው» ማን እንደነበሩ አንተም አታስታውስም።

አሁን ወደ ፍላጎት እንሂድ። በ6ኛው ደቂቃ ላይ የመጋዘን ኃላፊው እንዲህ ይላል፦ «የምንሠራው በኤክሴል ነው። ሐዋሳ የሸጠው እኛ ጋ የሚደርሰው ማታ ነው፣ አንዳንዴ እንደውም በነጋታው። እዚህ መሃል እኛ የሌለ ዕቃ እንሸጣለን፣ ከዚያ ለደንበኛ ይቅርታ እንላለን።» ልጃችን ተቀብሎ «ስለዚህ ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ዳሽቦርድ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው» አለ። ሰውየው «እሺ፣ እሱም ጥሩ ነው» ብሎ መለሰ። የመጀመሪያው ማጠቃለያ ላይ ምን ተጻፈ? «ደንበኛው ዳሽቦርድ ይፈልጋል»።

ደንበኛው ዳሽቦርድ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሻጩ ቃሉን አጎረሰው፣ እሱም በጨዋነት ዋጠው። የሰውየው ፍላጎት የሌለ ዕቃ መሸጥ ማቆም ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስልህ። ይህን ገጽ ይዞ ዴሞ የሚያሳየው ባለሙያ «ዳሽቦርድ» የሚል ካነበበ ባለቀለም ግራፍ ሲያሳይ ይውላል። «የሌለ ዕቃ እየሸጡ ነው» የሚል ካነበበ ደግሞ ሐዋሳ ላይ አንድ ካርቶን ሸጦ አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ ሲቀንስ ያሳያቸዋል። ሰውየው ሊያይ የሚፈልገው እሱን ነው።

የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ፍላጎት ብለህ የጻፍከውን መስመር አንሳና የመጀመሪያ ተናጋሪው ማን እንደነበር ተመልከት። አንተ ከሆንክና ገዢው በ«እሺ» ወይም «ጥሩ ነው» ብቻ ካለፈው፣ ከገጹ ይውጣ። ገዢው በኋላ በራሱ አንደበት መልሶ ካነሳው ይመለሳል።

ብዙ የተወራለት ሁሉ ዋና ፍላጎት አይደለም። የመጋዘን ኃላፊው ስለ ቅርንጫፎቹ ሩብ ሰዓት አወራ። የፋይናንስ ኃላፊዋ በ11ኛው ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ጣል አደረገች፦ «ባለፈው ዓመት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ብዙ አስወግደናል። ኦዲተሩም ጽፎብናል።» ልጁ አላያትም፣ ወደ ዳሽቦርዱ ተመለሰ። ግን ይህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ የወጣ ገንዘብ አለ፣ በጽሑፍ የተመዘገበ ተጠያቂነት አለ፣ የተናገረችውም ክፍያ የምታዘጋጀው ሰው ናት። እኔ ገጹን እንደገና ስሠራው ከፍላጎቶቹ ሁሉ በላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነው፤ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ የሚያደርግ ቁጥጥር። ከጎኑም «ስንት ብር እንደተወገደ አልተጠየቀም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ዓይነቱን መስመር አትፍራው። ያልጠየቅከውን ማጠቃለያው ሊሞላልህ አይችልም፤ ክፍተቱን ማሳየት ግን ይችላል፣ ቀጣዩ ጥሪ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ፍላጎት ውስጥ አንድ ለየት ያለ ዓይነት አለ። «ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያችን ጋር መሥራት አለበት» ብላ ነበር ሴትየዋ። ብዙ ሻጭ ይህን ከሚያንገራግራቸው ነገር ጋር ይደባልቀዋል። ይህ ቅድመ ሁኔታ ነው። ስጋትን በማብራሪያ ታረግበዋለህ፤ ቅድመ ሁኔታ ግን ወይ ይሟላል ወይ ሽያጩ የለም። ለብቻው አውጥተህ ጻፈው፣ የመሣሪያውን ሞዴልም ጠይቅ።

የሚያንገራግራቸውን ማግኘት በአማርኛ ጥሪ ውስጥ ከሁሉም ይከብዳል። «አልተስማማሁም» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ገዢ ብርቅ ነው። ስጋቱ በጥያቄ፣ በቀልድ ወይም በሌላ ሰው ታሪክ ተጠቅልሎ ይመጣል። በ28ኛው ደቂቃ የፋይናንስ ኃላፊዋ እየሳቀች «ከዚህ በፊት ሶፍትዌር ገዝተን ነበር። ያስገባልን ልጅ ሁለት ወር አሠለጠነን፣ ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ» አለች። ልጁም ሳቀ። ማጠቃለያው ላይ ስለዚህ ምንም የለም፤ ወግ መስሎት ዘለለው። በእኔ አስተያየት የጥሪው ትልቁ ስጋት እሱ ነበር፦ ከገዛን በኋላ ትጠፋላችሁ። ገዢው ያለፈ ታሪክ ሲያወራ የፈራውን እየነገረህ ነው።

ሁለተኛው ስጋት በጥያቄ መልክ መጣ። በ19ኛው ደቂቃ «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» ተባለ። ልጃችን ሦስት ደቂቃ ሙሉ አብራራ፤ ሲስተሙ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል፣ ሲመለስ ያስተላልፋል። ሰውየው «እሺ» አለ። ማጠቃለያው ላይ «የኔትወርክ ጉዳይ ተፈትቷል» ተብሎ ሰፈረ። በ33ኛው ደቂቃ ግን ያው ሰው «ድሬዳዋ እኮ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጠፋል» አለ። መልስ ያገኘ ጥያቄ ተመልሶ አይመጣም። ተመልሶ ከመጣ አልተፈታም፣ አበቃ። እዚህ የሚጻፈው «ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ባይኖር ምን ይሆናል? ሁለት ጊዜ አንስተዋል፣ መልሳችን አላረካቸውም» የሚል ነው።

«እሺ» ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያንተም ስልክ የማያነሳ ደንበኛ ምናልባት እዚህ ነው የጠፋው። በስልክ ወሬ «እሺ» ብዙ ጊዜ «እየሰማሁህ ነው» ማለት ነው። «ቀጥል» ማለት ነው። «በቃኝ፣ ወደ ሌላ እንሂድ» ማለትም ይሆናል። ስምምነት የሚሆነው ሰውየው ከ«እሺ» ቀጥሎ የራሱን ነገር ሲጨምርበት ነው፤ ቀን ሲጠራ፣ ሰው ሲጠራ፣ «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ሲል። «እሺ፣ እናያለን» እና «እሺ፣ ማክሰኞ ጠዋት ይሻለኛል» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

«ዋጋው ትንሽ ከበድ ይላል» የሚለውን ከስጋት ቁጥር ለማስገባት አትቸኩል። ዋጋ ሰምቶ እንዲህ የማይል ገዢ አላጋጠመኝም። ከምን ጋር አወዳድሮ እንደከበደው ካልተናገረ የድርድር መክፈቻ ነው፤ በአንድ ቃል «ተደራድሯል» ብለህ እለፈው።

በጀቱን ማንም በግልጽ አይነግረኝም ብለሃል። ልክ ነህ፣ አይነግሩህም። የአለቃህ ርዕስ «በጀት» ስለሚል ግን አንድ ቁጥር መሙላት ያለብህ መስሎሃል። ችግሩ እዚያ ነው። ከመጀመሪያ ጥሪ የሚገኘው ፍንጭ ነው። ፍንጮች ደግሞ የተለያየ ዓይነት አላቸው፤ አንድ ላይ ከደባለቅካቸው ቁጥሩ ይዋሽሃል።

በዚህ ጥሪ ውስጥ አራት ነበሩ። አንደኛ፣ ሴትየዋ «ለእንዲህ ዓይነት ነገር ዘንድሮ የተያዘ የለም፤ የሐምሌው ሲጸድቅ ሊታይ ይችላል» አለች። ይህ የጊዜ ፍንጭ ነው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ጥሪው ግንቦት ላይ ነበር። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የዋጋው ማብቂያ 15 ቀን ብለህ ብትጽፍ ገንዘቡ ሲመጣ ወረቀቱ ሞቷል። ሁለተኛ፣ «ያኛው ሶፍትዌር ሦስት መቶ ወጥቶበት ነው ከንቱ የቀረው» አለች። ይህ የማወዳደሪያ ዋጋ ነው። እሷ ያለችው «ሦስት መቶ» ነው። ሦስት መቶ ሺህ ማለቷ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም በጥቅስ ውስጥ የተባለውን ጻፍ፣ የገባህን ከጎኑ አስቀምጥ። ሦስተኛ፣ «ሦስት ፕሮፎርማ ማሰባሰብ አለብን» ተባለ። ይህ የግዢ ሥርዓታቸው ነው፤ ሌሎች ሁለት ተወዳዳሪዎች አሉ ወይም ሊመጡ ነው።

አራተኛው ጉዳት ያደረሰብን ነው። በ30ኛው ደቂቃ «ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ከሆነ ቦርድ ይገባል፣ ከዚያ በታች ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል» አለች። ማጠቃለያው ላይ «በጀት፦ 500,000 ብር» ተብሎ ተጻፈ። የፊርማ ጣሪያ በጀት አይደለም። ሰውየው እስከ 500,000 የመፈረም ሥልጣን አለው ማለት ለዚህ ሥራ 500,000 መድቧል ማለት አይደለም። ዋጋ የሚያወጣው ክፍል ገጹን አየና 495,000 ብር ብሎ ፕሮፎርማ ላከ፣ ቫትን ሳይጨምር። 15 በመቶ ሲጨመርበት 569,250 ሆነ። ሴትየዋ ደውላ «ይሄማ ቦርድ ሊገባ ነው» አለች። ቦርዱ የሚሰበሰበው በየሦስት ወሩ ነበር። ጠበቅን።

የሚያናድደው ፍንጩ ጽሑፉ ውስጥ መኖሩ ነው። ከዚያው ንግግር አንድ ደቂቃ በኋላ «ቫትን ጨምሮ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ያን የሚጠይቅ ሰው ጣሪያውን እያሰላ ነው። ጣሪያው ቫትን የሚጨምር ከሆነ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ከ434,782 ብር ማለፍ የለበትም። ትክክለኛው መስመር ይህ ነበር፦ «የሥራ አስኪያጁ የፊርማ ጣሪያ 500,000 ብር። ቫትን ይጨምር አይጨምር አልተጠየቀም፤ ፕሮፎርማ ከመላኩ በፊት ይጣራ። ለዚህ ሥራ የተመደበ መጠን አልተገለጸም።» በጀት የሚለውን ርዕስ «የበጀት ፍንጭ» ብለህ ቀይረው። አለቃህ ካጉረመረመ ይህን ታሪክ ንገረው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጣሪያው ስር ለመግባት ግዢውን ለሁለት ከፍላችሁ አታቅርቡ። ኦዲተር ቀድሞ የጻፈባት ሴት ላይ ሌላ ጣጣ ነው የምታመጣው።

ወደ ስምምነቱ እንምጣ። እኔ ጽሑፉን የማነበው ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች መጀመሪያ አይቼ፣ ከዚያ ወደ ላይ እመለሳለሁ። የሰዎቹ ፍላጎት በትክክል የሚታየው ጊዜያቸውን ለምን እንደሰጡ ስታይ ነው። በዚህ ጥሪ መጨረሻ ላይ ልጁ «ሐሙስ ዴሞ ላሳያችሁ?» አለ። የመጋዘን ኃላፊው «ሐሙስ ቆጠራ አለን። ማክሰኞ ይሻላል፣ በ4 ሰዓት» አለ። የፋይናንስ ኃላፊዋ «እኔ ላልገኝ እችላለሁ፣ ፕሮፎርማውን ግን ላክልኝ» አለች። ልጁ «ነገ እልካለሁ፤ ሥራ አስኪያጁም ቢገኙ ጥሩ ነው» ሲል «እነግራቸዋለሁ» ተባለ። የመጋዘን ኃላፊው «የዕቃ ዝርዝራችንን በኤክሴል እልክልሃለሁ» ብሎ ጨመረ።

መጀመሪያ የተጻፈው «ማክሰኞ ከሥራ አስኪያጁና ከቡድኑ ጋር ዴሞ ለማድረግ ተስማምተናል» የሚል ነበር። አሁን እያንዳንዱን ለይተህ እየው። ዴሞው ተስማምቷል፤ ገዢው ሐሙስን ጥሎ የራሱን ቀን ሰጥቷል። የሚገኘው ግን የመጋዘን ኃላፊው ብቻ ነው። ፕሮፎርማውም ተስማምቷል፤ ላኪው ልጁ፣ ተቀባይዋ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ ቀኑ ነገ። የዕቃ ዝርዝሩ ቃል ተገብቷል፣ ቀን ግን የለውም። ሥራ አስኪያጁ ይገኛሉ የሚለው የሻጩ ምኞት ነው፤ «እነግራቸዋለሁ» ከዚህ በላይ አይሸከምም። ማን፣ ምን፣ ለማን፣ መቼ የሚሉት አራቱ ካልተሟሉ «ስምምነት» ስር አታስገባው። «ያልተቋጨ» ብለህ ለየው።

«በ4 ሰዓት» ያለው በእኛ አቆጣጠር ነው። የስልክህ ካሌንደር ላይ መግባት ያለበት 10:00 ተብሎ ነው። ገጹ ላይ «ጠዋት 4 ሰዓት» ብለህ ሙሉውን ጻፍ፣ ማክሰኞውንም ከወሩ ቀን ጋር። አንድ ሰው የውጭ አቆጣጠር ይዞ ከሰዓት በኋላ ዴሞ ሊያሳይ ሲሄድ አይቻለሁ።

የገጹን ቅርጽ በተመለከተ ሦስት አማራጭ ታያለህ። አንዱ እንደ ቃለ ጉባኤ በጊዜ ቅደም ተከተል መጻፍ ነው። ክርክር ሲነሳ ይጠቅማል፣ ለዕለት ሥራ ግን ማንም አያነበውም። ሌላው ቅጽ መሙላት ነው። ቅጽ ፍጥነት ይሰጣል፤ ክፉ ነገሩ ባዶ ሳጥን ስታይ መሙላት ያምርሃል፣ «በጀት 500,000» የተወለደውም ከሳጥን ነው። እኔ የምልህ ሦስተኛውን ነው፤ ከቀጣይ እርምጃ የሚጀምር አንድ ገጽ፣ እያንዳንዱ መስመር የተናገረው ሰውና ደቂቃው ያለበት፣ መጨረሻው ላይ ያልተጠየቀው የተዘረዘረበት። የዚህ ጥሪ ገጽ ሲስተካከል ይህን መሰለ፦

ቀጣይ እርምጃ፦ ፕሮፎርማ ለፋይናንስ ኃላፊዋ፣ ነገ፣ ከእኛ (38ኛ ደቂቃ)። ዴሞ ለመጋዘን ኃላፊው፣ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት (38)። ያልተቋጨ፦ የዕቃ ዝርዝር በኤክሴል ከመጋዘን ኃላፊው፣ ቀን የለውም (40)፤ የሥራ አስኪያጁ መገኘት (39)።

ፍላጎት፦ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መቀነስ፤ «ኦዲተሩም ጽፎብናል»፣ ፋይናንስ (11)። የሌለ ዕቃ መሸጥ ማቆም፤ የሐዋሳ ሽያጭ የሚደርሰው ማታ ወይም በነጋታው ነው፣ መጋዘን (6)። ቅድመ ሁኔታ፦ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያቸው ጋር መሥራት፣ ፋይናንስ (22)።

ስጋት፦ ከገዙ በኋላ እንዳንጠፋ፤ ቀድሞ ደርሶባቸዋል፣ ፋይናንስ (28)፣ መልስ አልሰጠንም። ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ መጥፋት፣ መጋዘን (19 እና 33)፣ አልተፈታም።

የበጀት ፍንጭ፦ ዘንድሮ የተያዘ የለም፣ ከሐምሌ በኋላ (27)። የቀድሞው ሶፍትዌር «ሦስት መቶ» (28)። የፊርማ ጣሪያ 500,000 (30)። ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል (32)።

ያልተጠየቀ፦ ስንት ብር መድኃኒት ተወገደ? ጣሪያው ቫትን ይጨምራል? ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች እነማን ናቸው? የመሣሪያው ሞዴል?

አንድ ገጽ አልሞላም። ከ14 ገጽ የወጣው ይህ ብቻ መሆኑ አያሳፍርም። ደቂቃው የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ አለቃህ አንድ መስመር ቢጠራጠር ራሱ ሄዶ ይሰማዋል፣ አንተን አይከራከርም። ሥራው ድምፅ ከመፈተሹ ጋር አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚያው ቀን ሥራው። በነጋታው ሳቁ ቀልድ ይሁን ምሬት ረስተኸዋል፣ ጽሑፍ ደግሞ ሳቅ አይጽፍም። የአምስት ደቂቃ ጥሪ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አታድርግ፤ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ገጹ ላይ ስለ ሰዎቹ ጠባይ አትጻፍ። «ሴትየዋ ቆጥቋጣ ናት»፣ «ሰውየው ብዙም አያውቅም» የሚሉ ነገሮች ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ፣ አንድ ቀን በስህተት ለደንበኛው ይላካሉ። አስፈቅደህ መቅዳትህ ደግሞ ትክክል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ፈቃዱ ቅጂው መጀመሪያ ላይ እንዲሰማ አድርግ፣ ቅጂውንም ለማይመለከተው ሰው አታስተላልፍ።

ለደንበኛው ከገጹ የምትልከው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ስጋቱና የበጀቱ ፍንጭ ቤት ይቀራሉ። ባለፈው ወር የጠፋብህ ሰው ጋ ይህ መልእክት በዚያው ቀን ደርሶት ቢሆን፣ መስማማቱን ወይም አለመስማማቱን ከወር በፊት ታውቅ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች መላክ የነበረበት እንዲህ ነው፦

«ዛሬ ስለሰጣችሁን ጊዜ እናመሰግናለን። እንደተነጋገርነው ፕሮፎርማውን ነገ ለፋይናንስ ክፍል እንልካለን። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ዴሞውን እናሳያለን፤ ሐዋሳ ላይ የተሸጠ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደሚቀንስና ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት እንዴት እንደሚታይ። የዕቃ ዝርዝሩን እስከ ዓርብ ብናገኝ በራሳችሁ ዕቃ እናሳያችኋለን። ያዛባነው ነገር ካለ አርሙን።»

በሁለት ቀን መልስ ካልመጣ ደውል። ስልኩም ካልተነሳ ከማክሰኞው ዴሞ አጠገብ «አልተረጋገጠም» ብለህ ጻፍና ለአለቃህ እንደዚያው አስረክብ።